የክሎሪን 35.45 ከየት ይመጣል?

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክሎሪን ሁለት አይሶቶፖች አሉት፤ ክሎሪን-35 እና ክሎሪን-37። አማካዩን 36 ብዬ ስጽፍ ተሳስተሃል ተባልኩ። የተፈጥሮ ድርሻቸውን (75.76 በመቶ እና 24.24 በመቶ) አባዝቼ ስደምር 35.48 መጣልኝ። ሰንጠረዡ ግን 35.45 ይላል፤ መምህራችን ደግሞ 35.5 ተጠቀሙ ይሉናል። የቱ ነው ትክክል? ልዩነቱስ ከየት መጣ?»

ከአራቱ ቁጥሮች ስህተት የሆነው 36 ብቻ ነው። 35.48 አካሄዱ ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን ሊገባበት የማይገባ ቁጥር የገባበት ስሌት ውጤት ነው። ትክክለኛው 35.45 ነው። መምህራችሁ የሰጧችሁ 35.5 ይኸው ቁጥር ወደ አንድ የአሥርዮሽ ቤት ሲጠጋጋ የሚገኘው ነው፤ ለአንዳንድ ጥያቄ አይጎዳም፣ ለአንዳንዱ ግን መልሱን ከመሠረቱ ያበላሻል። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

35ንና 37ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ሁለቱ አይሶቶፖች እኩል በእኩል ተቀላቅለዋል ብሎ ማመን ነው። አልተቀላቀሉም። ከማንኛውም የገበታ ጨው 10,000 የክሎሪን አቶሞችን ብትቆጥር 7,576 ያህሉ ክሎሪን-35፣ 2,424 ያህሉ ክሎሪን-37 ናቸው። የ10,000ዎቹን ጠቅላላ መጠነ ቁስ ደምረህ ለ10,000 ስታካፍል የምታገኘው ነው አማካይ አቶማዊ መጠነ ቁስ የሚባለው። በመቶኛውን ወደ አሥርዮሽ ቀይሮ ማባዛት የዚሁ ቆጠራ አጭር መንገድ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስለዚህ ገና ሳታሰላ መልሱ የት አካባቢ እንደሚወድቅ ማወቅ ትችላለህ። ከ35 በላይ፣ ከ37 በታች፣ ብዙዎቹ ወዳሉበት ወደ 35 የቀረበ መሆን አለበት። መልስህ ከሁለቱ አይሶቶፖች ውጭ ከወደቀ ስሌቱ ላይ ተሳስተሃል፤ ጥቂቶቹ ወዳሉበት ካደላ ደግሞ በመቶኛዎቹን አቀያይረሃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ሳያውቁት የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ። 24.24 በመቶ የሚባለው የአቶሞች ቁጥር ድርሻ ነው፤ የክብደት ድርሻ አይደለም። ክሎሪን-37 ከወንድሙ ስለሚከብድ በግራም ሲታሰብ ድርሻው ከፍ ይልና ወደ 25.27 በመቶ ይደርሳል። አንድ ጥያቄ «100 ግራም ናሙና ውስጥ ይህን ያህል ግራም የዚህ አይሶቶፕ አለ» ብሎ ከጀመረ በቀጥታ ማባዛት አይቻልም። አስቀድመህ እያንዳንዱን ግራም በየአይሶቶፑ መጠነ ቁስ አካፍለህ ወደ ሞል መለወጥ፣ ከዚያ በሞሎቹ ድርሻ ማስላት አለብህ። የመማሪያ መጻሕፍት «የተፈጥሮ ድርሻ» ሲሉ ግን ሁልጊዜ የቁጥር ድርሻ ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ 35.48 እንምጣ። ድርሻዎቹን ያባዛኸው በ35 እና በ37 ነው፤ እነዚህ ደግሞ የመጠነ ቁስ ቁጥሮች ናቸው። የመጠነ ቁስ ቁጥር በኒውክሊየሱ ውስጥ ስንት ፕሮቶንና ኒውትሮን እንዳለ የሚናገር ቆጠራ ነው፤ ቆጠራ ስለሆነም ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው። የአቶሙ መጠነ ቁስ ግን በመሣሪያ የተለካ ነገር ነው። ክሎሪን-35 ሲለካ 34.96885 አቶማዊ አሃድ፣ ክሎሪን-37 ደግሞ 36.96590 አቶማዊ አሃድ ይሆናል። በእነዚህ እናስላው፦

34.96885 × 0.7576 = 26.4924

36.96590 × 0.2424 = 8.9605

ድምር = 35.4529

ሰንጠረዡ ላይ ያየኸው 35.45 ይህ ነው። የአንተ 35.48 ከዚህ የበለጠው በ0.03 ያህል ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም አይሶቶፖች ከመጠነ ቁስ ቁጥራቸው በ0.03 ያህል ይቀላሉ።

ለምን ይቀላሉ? አንዳንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ የፕሮቶኖቹን፣ የኒውትሮኖቹንና የኤሌክትሮኖቹን መጠነ ቁስ አንድ በአንድ ደምሮ ለማጣራት ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የባሰ ግራ ይጋባል። አሥራ ሰባቱን ፕሮቶኖች ከነኤሌክትሮኖቻቸው እንደ 17 የሃይድሮጅን አቶሞች ብንቆጥር 17 × 1.007825 ይሆናል። አሥራ ስምንቱ ኒውትሮኖች 18 × 1.008665 ናቸው። ድምሩ 35.289 ነው። አቶሙ ግን የሚመዝነው 34.969 ነው። 0.32 አሃድ የት ገባ? ፕሮቶንና ኒውትሮን ተያይዘው ኒውክሊየስ ሲሠሩ ጉልበት ይለቃሉ፤ የተለቀቀው ጉልበት ደግሞ መጠነ ቁስ ይዞ ይሄዳል። ይህ የመጠነ ቁስ ጉድለት የሚባለው ነው። ስለዚህ የክፍሎቹ ድምር የአቶሙን መጠነ ቁስ በፍጹም አይሰጥህም፤ ይህን መንገድ ተወው።

ታዲያ ጉድለቱ 0.32 ከሆነ ከ35 የሚጎድለው ለምን 0.03 ብቻ ሆነ? አሃዱ ራሱ የተሠራው ከተያያዘ ኒውክሊየስ ስለሆነ ነው። አንድ አቶማዊ አሃድ ማለት የካርቦን-12 አቶም አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ካርቦን-12 በሰዎች ስምምነት ልክ 12 እንዲሆን ተደርጓል፤ በውስጡ ያሉት ፕሮቶንና ኒውትሮን ግን እነሱም ሲያያዙ የየራሳቸውን ጉድለት አሳይተዋል። የክሎሪን ኒውክሊየስ ከካርቦኑ ትንሽ ጠበቅ ብሎ የተያያዘ ስለሆነ በአማካይ እያንዳንዱ ቅንጣት ከአንድ በጥቂቱ ያነሰ ይመዝናል፤ ከ35 በታች የወረደውም በዚህ ነው። ሁሉም አቶም ግን ወደዚህ አቅጣጫ አይሄድም። ሃይድሮጅን-1 1.007825፣ ዩራኒየም-238 ደግሞ 238.0508 ነው፤ ሁለቱም ከመጠነ ቁስ ቁጥራቸው በላይ ናቸው። በመሆኑም «ሁልጊዜ ትንሽ ቀንስ» የሚል ደንብ የለም። የአይሶቶፑን መጠነ ቁስ ከሰንጠረዥ ማንበብ ግዴታ ነው።

ስሌቱን በአንድ መስመር የሚጨርስና ስህተትን የሚቀንስ አካሄድ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው ይህንን ነው። ከቀላሉ አይሶቶፕ ተነስ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በከባዱ ድርሻ አባዛ፣ ደምር።

34.96885 + 0.2424 × 1.99705 = 35.4529

መልሱ ያው ነው። ጥቅሙ ግን ትልቁ ቁጥር ሳይነካ መቆየቱ ነው፤ የማባዛት ስህተት ቢኖር እንኳ የሚነካው ከ35 በላይ ያለውን ትንሿን ክፍል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ድርሻዎቹ ተደምረው 100 ባይሞሉ፣ ለምሳሌ ተጠጋግተው 99.9 ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው መንገድ መልስህ ሳታውቀው በ0.035 ይወርዳል። በዚህኛው መንገድ ይህ አይደርስብህም። በመጀመሪያው መንገድ የምትሠራ ከሆነ ድርሻዎቹን ደምረህ 100 መሙላታቸውን ሳታረጋግጥ አትጀምር።

ሌላም ሊቃና የሚገባው አስተሳሰብ አለ። 35.45 የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም። በአንድ አገር ቤተሰብ በአማካይ 4.6 ልጆች አሉት ሲባል 0.6 ልጅ ያለበት ቤት እንደማይፈለግ ሁሉ፣ ይህም የብዙዎች ቁጥር እንጂ የአንድ አቶም አይደለም። ነገሩ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶችን ግን ክፉኛ አስቸግሯል። አቶሞች ሁሉ ከሃይድሮጅን የተገነቡ ናቸው ብለው የጠረጠሩ ሰዎች ክሎሪን ላይ ሲደርሱ 35 ተኩል ገደማ እየመጣባቸው ሐሳባቸው ይሰናከል ነበር። መልሱ የተገኘው ፍራንሲስ አስተን እ.ኤ.አ. በ1919 በካምብሪጁ ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ አቶሞችን በመጠነ ቁሳቸው የሚለይ መሣሪያ ከሠራ በኋላ ነው። ክሎሪንን ሲያስገባ በ35 እና በ37 ላይ ጥርት ያሉ መስመሮች ታዩ፤ በ35.46፣ ማለትም ኬሚስቶች በዚያን ጊዜ በሚጠቀሙበት ቁጥር ላይ፣ ምንም አልነበረም። አስተን በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

በአስተን ፎቶግራፎች ላይ በ36 እና በ38 ላይም መስመሮች ነበሩ። እነሱ አዲስ አይሶቶፖች አልነበሩም፤ አንድ ሃይድሮጅን የተያያዘባቸው ክሎሪን-35 እና ክሎሪን-37 ነበሩ። ይህን ያነሣሁት በፈተና ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ ስለሚመጣ ነው። የማስ ስፔክትሮሜትር ሥዕል ይሰጥሃል፤ በ70፣ በ72 እና በ74 ላይ ሦስት ከፍታዎች አሉበት፤ ክሎሪን ነው ይልሃል። ተማሪው ሦስት አይሶቶፖች አየሁ ብሎ ሦስቱን አማክሎ 71 ገደማ የሆነ መልስ ይጽፋል። ሦስቱ ግን የክሎሪን ሞለኪውሎች ናቸው፤ 35 ከ35፣ 35 ከ37፣ 37 ከ37 ተጣምረው። ከፍታቸውን ከድርሻዎቹ ማስላት ትችላለህ፦ የመጀመሪያው 0.7576 በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 57.4 በመቶ፣ የመጨረሻው 0.2424 በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 5.9 በመቶ ነው። የመካከለኛው የሁለቱ ድርሻዎች ብዜት እጥፍ ስለሆነ 36.7 በመቶ ይሆናል፤ እጥፍ የሆነው ከባዱ አቶም ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ ወይም በሌላው ሊቀመጥ ስለሚችል ነው። የእነዚህ ሞለኪውሎች አማካይ ለሁለት ሲካፈል የአቶሙን አማካይ ይመልስልሃል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ያለው አቶም ይሁን ሞለኪውል ሳትለይ ማስላት አትጀምር። መለያው ቀላል ነው፦ የአቶሙ መጠነ ቁስ ቁጥር 35 አካባቢ መሆን ሲገባው 70 ካየህ ሁለት አቶሞች ተያይዘዋል።

አሁን ስለ 35.5 ልናገር። ሞለኪውላዊ መጠነ ቁስ ለማስላት፣ ለምሳሌ ለገበታ ጨው 58.44 በማለት ፈንታ 58.5 ማለት፣ ልዩነቱ ከአንድ ሺሕ አንድ ገደማ ነው። በክፍል ውስጥ ለሚሠራ የሞል ጥያቄ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ጥያቄው ሲገለበጥ ነው። «የክሎሪን አማካይ አቶማዊ መጠነ ቁስ ይህን ያህል ነው፤ የአይሶቶፖቹን ድርሻ ፈልግ» ሲባል የምትሠራው ከላይ ያሳየሁህን መስመር ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከአማካዩ ላይ ቀላሉን አይሶቶፕ ቀንስ፣ ለልዩነቱ አካፍል። በ35.453 ብትጀምር (35.453 − 34.96885) ÷ 1.99705 = 0.2424 ታገኛለህ፤ ልክ ነው። በ35.45 ብትጀምር 24.1 በመቶ ይመጣል። በ35.5 ብትጀምር ግን 26.6 በመቶ ይሆናል። አማካዩ ላይ ከሺሕ አንድ የሞላችው ስህተት ድርሻው ላይ ከመቶ አሥር ገደማ ሆና ወጣች ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ስትቀንስ ትልቁ 35 ይጠፋና የሚቀርህ ግማሽ አሃድ የማትሞላ ትንሽ ቁጥር ትሆናለች፤ ማጠጋጋቱ ግን ከነሙሉ መጠኑ ይቀራል። ለተገለበጠ ጥያቄ የተጠጋጋ አማካይ አትጠቀም።

በዚህ መንገድ ድርሻ ማግኘት የሚቻለውም አይሶቶፖቹ ሁለት ሲሆኑ ብቻ ነው። ማግኒዚየም ሦስት አይሶቶፖች አሉት፤ አማካዩ 24.305 መሆኑን ብቻ ብትነገር ሦስቱን ድርሻዎች ልትወስን አትችልም፤ የማይታወቁት ሁለት ሲሆኑ እኩልታው አንድ ነው። ጥያቄው ተጨማሪ መረጃ፣ ለምሳሌ የአንዱን ድርሻ፣ መስጠት አለበት። ካልሰጠ የጎደለው ያንተ ዕውቀት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ነው።

ስሌቱ 35.4529 ሲሰጥህ አራቱን የአሥርዮሽ ቤቶች ለምን አልጽፍም ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ድርሻዎቹ እስከዚያ ድረስ የተረጋገጡ ስላልሆኑ ነው። 75.76 የሚለው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ይህም አማካዩን በ0.002 ያንቀሳቅሰዋል። ሌላው ምክንያት የመለኪያ መሣሪያ ጉዳይ አይደለም። የክሎሪን ድርሻ ከአንዱ የተፈጥሮ ምንጭ ወደ ሌላው በጥቂቱ ይለያያል። የዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት ይህን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለአሥር ንጥረ ነገሮች፣ ክሎሪንን ጨምሮ፣ አንድ ቁጥር መስጠቱን ትቶ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ሰጠ። የክሎሪን ክልል ከ35.446 እስከ 35.457 ነው። የተለመደው 35.45 ለዕለት ተዕለት ሥራ የተመረጠ ተወካይ ነው። አንተ የገበታ ጨው እየመዘንህ ከሆነ ይህ ልዩነት ፈጽሞ አያሳስብህም።

የሚያሳስበው ሊቲየም ላይ ነው። ሊቲየም-6 (6.01512) በተፈጥሮ 7.59 በመቶ፣ ሊቲየም-7 (7.01600) ደግሞ 92.41 በመቶ ስለሆነ አማካዩ 6.94 ይሆናል። ነገር ግን ሊቲየም-6 ለቴርሞኑክሌር መሣሪያ ስለሚፈለግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከብዙ ሊቲየም ውስጥ ተለይቶ ተወሰደ፤ የተረፈው ሊቲየም ደግሞ ወደ ገበያ ወጥቶ በላቦራቶሪ ብልቃጦች ውስጥ ገባ። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ የሊቲየም-6 ድርሻ ወደ 2 በመቶ ወርዷል ብንል አማካዩ 7.01600 − 0.02 × 1.00088 = 6.996 ይሆናል። ከሰንጠረዡ 6.94 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከመቶ 0.8 ገደማ ነው፤ በጥሩ ሚዛን የሚሠራ ኬሚስት የሚያየው ልዩነት ነው። ዛሬ ለሊቲየም የተሰጠው ክልል ከ6.938 እስከ 6.997 ድረስ የሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። የተፈጥሮ ድርሻ የሚለው ቃል ዋስትና የሚሆነው ሰው ላልነካው ናሙና ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የአይሶቶፖቹ መጠነ ቁስ ከተሰጠህ እነሱን ተጠቀም፤ የመጠነ ቁስ ቁጥሩን ወደ ስሌቱ አታስገባ። ከቀላሉ አይሶቶፕ ተነስተህ በአንድ መስመር ሥራ፣ በመካከል አታጠጋጋ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ አጠጋጋና ለክሎሪን 35.45 ጻፍ። ፈተናው የመጠነ ቁስ ቁጥሮችንና በመቶኛዎችን ብቻ ሰጥቶህ ከሆነ በእነሱ ከመሥራት ውጭ ምርጫ የለህም፤ መልሱን ግን ወደ አንድ የአሥርዮሽ ቤት አጠጋግተህ 35.5 በል። 35.48 ብለህ ብትጽፍ ሁለተኛዋ የአሥርዮሽ ቤት ሐሰት ናት፤ ከሙሉ ቁጥሮች የተገኘ አማካይ እስከዚያ ድረስ የሚታመን አይደለም።